የልጅ ልጄን የክርስትና አባት በጥድፊያ ስለ ቀየሩልን

ይድረስ በቡራዩ የደብራችን አስተዳዳሪ ለሆኑት ለመልአከ ሰላም ቀሲስ ሽመክት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም ያ የሚያምረው ጉሮሮዎ ደህና ሰነበተልን ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከአንድ የክርስትና አባት በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ዓባይነህ በገዛ እጄ ነው። እስከ ዓምና ድረስ ፊደል እና እኔ ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም ነበር። የማታ ትምህርት ገብቼ ግን ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣው ጎረቤቴ ኦቦ ጃለታ ነው። ተማሪዎቹ ስንት ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምቀኛ ነው። አሁን ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሱቁን ሁሉ ስም ጮክ ብዬ ሳነብ ረዳቱ ሳይቀር ያደንቀኛል፤ አንዳንዴም እዚህ ይውረዱ ይለኛል።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ላስረዳ። የልጄ የሐኒ ወንድ ልጅ አርባ ቀን ስለሞላው ባለፈው ወር ክርስትና ልናስነሳ ወደ ደብሩ መጣን። የክርስትና አባት እንዲሆነው የመረጥነው ኦቦ ጃለታን ነው፤ ባለቤቴ ማሪቱ ሐኒን ልትወልድ ስታምጥ በጋሪው ጭኖ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነውና። ሥርዓቱ እንደሚያዘው ሕፃኑን ታቅፎ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞረ። ዲያቆኑም «እክሕደከ ሰይጣን ይበሉ» አለው። ኦቦ ጃለታ ግን «ማል ጄቹዻ? ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዲያቆኑ «አባባ፣ ዝም ብለው ይድገሙት፣ ሰው ተሰልፏል» ቢለው፣ «ልጄ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጥልኝ፤ ዝም ልበል ወይስ ልድገመው?» አለ።

በዚህ መሐል እርስዎ ደረሱ። ሕፃኑን ከኦቦ ጃለታ እቅፍ ወስደው አጠገቡ ለቆመ፣ እኛ ለማናውቀው አንድ ወጣት ሰጡት። ወጣቱ ግእዙን እንደ ውሃ አፈሰሰው፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮም «አአምን ብከ ክርስቶስ» አለ። ሕፃኑ ሦስት ጊዜ ተጠመቀ፣ ሜሮን ተቀባ፣ ማዕተብ ታሰረለት። ወጣቱ ከውሃው ተቀብሎ ለሐኒ አስታቀፋትና ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ስለ ፍጥነትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ከምስጋናው ጋር የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ኦቦ ጃለታ ያንን ጥያቄ የጠየቀው ሥርዓት ንቆ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ደላላ ወረቀት ይዞበት መጥቶ፣ «የውሃ መስመር ማስገቢያ ነው፣ ዝም ብለህ አውራ ጣትህን አሳርፍ» ብሎት አሳረፈ። ውሃው አልመጣም፤ ከጓሮው ያለው የጤፍ ማሳ ግን ሄደ። ከዚያ ወዲህ የማያውቀውን ነገር በጣቱም በአፉም ላይፈርም ምሏል። ፊደል የቆጠረውም ለዚሁ ነው። እኔ የገባሁት ለዝና ነው፤ እሱ ግን ለማሳው ሲል ገባ።

ሁለተኛ፦ ግእዝ ይቅር ያለ ሰው የለም። ኦቦ ጃለታ ቅዳሴውን በግእዝ ቆሞ ሲያስቀድስ የኖረ ሰው ነው። እኔም ብሆን «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲባል ሰው ሲነሳ እያየሁ ስነሳ፣ «እግዚኦ ተሠሃለነ» እያልኩ ስመልስ ሸበትኩ። «ተሠሃለነ» ይቅር በለን ማለት መሆኑን የነገረኝ የማታው መምህሬ ነው። ይቅርታ መጠየቄን ሳላውቅ ይህን ያህል ዘመን ጠይቄአለሁ፤ ጥፋቴን ግን በሚገባ አውቅ ነበር። ፊደሉ አንድ ስለሆነም የግእዙን ውዳሴ ማርያም ዛሬ ጥርት አድርጌ አነባለሁ። ዓይኔ ያነባል፣ ጆሮዬ ይደሰታል፣ ሆዴ ግን ምን ተባለ ይለኛል።

ማሪቱ በዚህ ከእርስዎ ጋር ናት። «የመድኃኒቱ ስምም አይገባኝም፣ ስውጠው ግን ያሽረኛል» ትላለች። ኦቦ ጃለታ ሲመልስላት፣ «ማሪቱ፣ አንቺ የምትይው ካህኑ ለእኔ የሚጸልይልኝን ነው፤ እሱን በፈለገው ቋንቋ ይጸልይልኝ፣ አሜን እላለሁ። ይሄኛው ግን መሐላ ነው። የምክደው እኔ፣ የማምነውም እኔ። የካድኩትን ሳላውቅ ካድኩ ማለት እንዴት ይሆናል?» አላት። ማሪቱ በሠላሳ ዓመት ትዳር ለእኔ መልስ አጥታ አታውቅም፤ ለእሱ ግን ሽሮው አረረብኝ ብላ ተነሳች።

ሦስተኛ፦ በማግስቱ ቢሮዎ ድረስ መጥተን ስንጠይቅዎ፣ «እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ እናንተ ባታውቁት ምን ይጎድላል?» ብለው አጽናንተውናል። እግዚአብሔር እንደሚያውቀው አንጠራጠርም። ዳሩ ግን የክርስትና አባትነቱን ቃል የገባው እግዚአብሔር ሳይሆን ያ ወጣት ነበር። ልጁ ሲያድግ እንዲህ ነህ፣ ይህን ታምናለህ ብሎ ሊያስተምረው ኃላፊነት የወሰደ እሱ ነው። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ስለዚህ ኦቦ ጃለታ ለዚህ ልጅ ከእንግዲህ የክርስትና አባት አይሆነውም። በአንድ ቃል ትርጉም ምክንያት ከእኛ ጋር ሊዛመድ የነበረ ሰው ጎረቤት ሆኖ ቀረ።

አራተኛ፦ ያንን ወጣት ፈለግነው። ለሱሉልታ ሰዎች ክርስትና እንደመጣ ሰምተን ሱሉልታ ሄድን፤ እነሱ ደግሞ ገላን የጭነት መኪና የሚነዳ ቢኒ የሚባል ልጅ ነው ብለው ላኩን። ገላን መጋዘን በር ላይ አገኘነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ለስላሳ ጋበዘን። ምን ብለህ እንደማልክ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ፋዘር፣ እኔ በል ሲሉኝ አልኩ። ጭነት ነበረብኝ» አለኝ። ቀጥሎም፣ የትኛው ልጅ እንደነበር ጠየቀን። ኦቦ ጃለታ አልተቆጣም። ሁለቱን ቃላት የማታው መምህራችን እንደነገረን በአማርኛ አስረዳው፤ ሰይጣንን እክድሃለሁ፣ ክርስቶስን አምንብሃለሁ ማለት ነው አለው። ልጁ ጠርሙሱን አስቀመጠ። «እንዲህ ነው እንዴ ያልኩት?» አለ፤ የሐኒን ስልክ ቁጥርም ራሱ ጠይቆ ተቀበለን።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ግእዙ ይቀመጥልን፣ አይነካብን። ውሃው ከመባረኩ በፊት ግን አንድ ዲያቆን ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ የክርስትና አባቶችንና እናቶችን ሰብስቦ፣ ምን ሊሉ እንደሆነ በአማርኛም በኦሮምኛም ይንገርልን። ከዚያ በኋላ በግእዝ ቢያስብሉን በግእዝ እንላለን፤ ኦቦ ጃለታማ እስከ መናገሻ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ይለዋል። የሐኒ እኅት ነፍሰ ጡር ናት፤ ወንድ ከሆነ እሱ ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው። ሴት ከሆነች ባለቤቱ አለች፤ እሷ ደግሞ ከእሱ የባሰች ጠያቂ መሆኗን በትሕትና አሳውቃለሁ።

መስቀልዎን በሩቅ እየተሳለምኩ፣ ጸሎትዎ በሚገባኝም በማይገባኝም ቋንቋ እንዳይለየኝ እየለመንኩ፣

የማታው ክፍል አንደኛ፣ የቀኑ መንፈሳዊ ልጅዎ፣
ዓባይነህ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ በር የዘጋው ባጃጅ እንዲነሳ በድምፅ ማጉያው መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎም በኦሮምኛ አስነግረው ነበር። ባለቤቱ ወዲያው ወጥቶ አነሳው። ሰይጣንም እንዲሁ ቶሎ እንዲነሳልን ከፈለጉ፣ ማጉያው ያው እዚያው ነው።