ሳይወጡ የሚፈረም መውጫ

ታኅሣሥ 9፣ 2016፣ አምቦ። ትናንት ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ተሸጧል።

ልጄ ኤቢሴ፣ ዋቃዮ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ጉሙ ስላልተገለጠ ገበያው እንቅልፍ ላይ ያለ ይመስላል።

እህትሽ መቲ ዱቄት ፋብሪካ እንደምትሠራ ታውቂያለሽ። እዚያ ሠራተኛው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መውጫ ይፈርምና ተመልሶ እስከ ማታ ይሠራል፤ ትርፍ ሰዓቱ አይከፈልም። ትናንት እሷ፣ «የምፈርመው ስወጣ ነው፤ ሕጉም ለትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይላል» አለች።

አለቃዋ፣ «ሌሎቹ ዝም ያሉት አላዋቂ ሆነው ነው?» አላት።

«ልጆች ስላሏቸው ነው።»

ሌሎቹ ጆንያ መስፋታቸውን ቀጠሉ አለችኝ። ስትወጣ ግን ኦቦ ጀቤሳ፣ ሽማግሌው ጫኝ፣ «እኔ እመሰክራለሁ» አሏት በሹክሹክታ።

አቤት ያለን ሠራተኛ ማባረር ክልክል ነው ይላሉ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ማባረር ለፈለገ ሰው ምክንያት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እባክሽ ደውይላት፤ «ጎበዝ» ከማለትሽ በፊት እንቅልፍ እንዳላት ጠይቂያት። እድሜ ይስጥሽ።

ነገ ሱቁን ዘግቼ ከመቲና ከኦቦ ጀቤሳ ጋር አቤት ለማለት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እሄዳለሁ።