የበዓል ቀን አትታመምብኝ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ። ሰላምህ ይብዛልኝ፣ የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ።

እኛ ደህና ነን። የሚያፈሰው ጣራ ተጠግኗል። አባትህ ጥርሱን አስነቅሎ እንደ ሕፃን ሲያኮርፍ ሰነበተ። እኔማ ሥራ በመያዝህ ደስታ ጎረቤቱን ሁሉ በወሬ አደንቁሬዋለሁ።

ግን እህትህ የነገረችኝ ነገር ጭንቅ ለቀቀብኝ። የመሥሪያ ቤትህ የቀን መቁጠሪያ ላይ በዓላችን ስለሌለ፣ "ታምሜያለሁ ብዬ እቀራለሁ" አልካት። የሐኪም ወረቀት ቢሉህ ከየት ልታመጣ ነው? ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ያለህ ልጅ!

አክስትህ የምትሠራበት የውጭ ድርጅትም እንዲሁ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ለዘንድሮው በዓል ፈቃድ እንዲሰጣት ለአለቃዋ ጻፈች።

"ይሄ ቀን ዝርዝሩ ላይ የለም" አላት።

"አውቃለሁ፤ ከዓመት ፈቃዴ ይቀነስልኝ።"

"እንግዳ መቀበያው ላይ ማን ይቀመጣል?"

የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነች ባልደረባዋ ጋር አስቀድማ ተስማምታ ነበርና፣ የተተኪዋን ስም የፈቃድ ቅጹ ላይ ሞልታ ሰጠችው። ፈረመላት። በባልደረባዋ በዓል ደግሞ እሷ ትተካላታለች። ባልደረባዋ "የእኛ በዓል ሦስት ቀን ነው፣ ተዘጋጂ" ብላ ስታሾፍባት ሰነበተች።

አንተም በዓሉ ገና አንድ ወር ስለሚቀረው፣ አሁኑኑ ጻፍ። የዓመት ፈቃድ ገና ካልደረሰህ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቅ። ከከለከሉህም ሥራህን ሠርተህ ዋል፤ ፈጣሪ ልብህን ያያል።

በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ። አደራህን፣ የዚያን ቀን ስደውል "እንኳን አደረሰህ" ልበልህ፤ ደህናውን ልጄን "ይማርህ" አታስብለኝ።

እናትህ