ሰላም ሳልል ስለ ጠየቅሁት ቤት

ቡራዩ፣ ኅዳር 27 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ እንደምን ሰንብተዋል? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት በዚህ ውርጭ አልባሰብዎትም ወይ? እትዬስ ደኅና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ አምላክ የተመሰገነ ይሁን ደኅና ነኝ፤ ቡራዩ ከወንዙ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ተቀምጫለሁ፤ ከብርዱ በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ የጠየቅሁዎት ለወጉ ብቻ አይደለም። የላኩልኝ ደብዳቤ አራት መስመር ነው፤ የመጀመሪያው መስመር አሰደብኸኝ ይላል። ታላላቆችን ሰላም አላልህም ብሎ ሊወቅሰኝ የመጣ ደብዳቤ ራሱ ሰላምታ የሌለው ሆኖ ሳገኘው ሳቄ መጣ፤ ይቅር ይበሉኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ መቆጣት ይገባዎታል። እኔም መልስ መስጠት ይገባኛል።

አሽከርዎ ወርቁ የነገረዎት እውነት ነው። ሱሉልታ ላይ ሦስት ሰዎች ሣር ሲያጭዱ አግኝቼ፣ አንደኛው አያት የሚሆኑኝ ሽማግሌ ሆነው ሳለ፣ ባርኔጣዬን ሳላወልቅ፣ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ፣ እንደምን ዋላችሁ ሳልል ከመንገድ ላይ ጮኼ ቤት ጠይቄአቸዋለሁ። አልክድም። አልጸጸትምም። ለምን እንዳደረግሁት ግን ወርቁ አልገባውምና ከኔ ይስሙት።

ፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ አድርገው ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። ከኔ በፊት በቦታው የነበረው አሥራት ከበቅሎ ሳይወርድ የእገሌ ቤት የት ነው የሚል ሰው ነበር። ያገሬው ሰው ደግሞ እንዲህ አድርጎ ለሚጠይቀው አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ ብቻ አያውቅም። የተጠየቀው የገዛ ወንድሙ ቤት ቢሆን አያውቅም። አሥራት አብዛኛውን መጥሪያ ይዞ ሄዶ ይዞ ይመለስ ነበር።

እኔ እርስዎ እንዳስተማሩኝ አደረግሁ። ሰውየው ሥራ ላይ ከሆነ ወደ ማሳው ዘው አልልም፤ ከዳር ቆሜ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። በመጀመሪያ ሰላም የሚባለው ሥራው ነው፤ ያበርታችሁ እላለሁ፤ አውድማ ላይ ከሆኑ ምርቱን ያብዛላችሁ። አሜን ብሎ ወገቡን ሲያቀና ያኔ ራሱን እጠይቀዋለሁ። በአማርኛ ከመለሰልኝ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ከመለሰልኝ አካም ኦልተን፣ ፈያ፣ ጆሌን ነጋ፣ ሎን ነጋ እያልሁ ራሱን፣ ልጆቹን፣ ከብቶቹን በተራ እጠይቃለሁ። ከልጆቹ ከብቱን ካስቀደምሁ የከብት ነጋዴ እመስለዋለሁ። ሽማግሌ ከሆኑ ኦቦ፣ ባልቴት ከሆኑ አዴ። የሱንም ጥያቄ በተራው እመልሳለሁ፤ ከየት እንደ መጣሁ፣ እናት አባቴ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ፣ ያለፍሁበት አገር ዝናብ ያግኝ አያግኝ። ከዚያ ዝም እላለሁ። የቸኮለ ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሰላምታው እንዳለቀ የጉዳዩን ጥያቄ ያስከትልና ሰላም ያለው ለጉዳዩ መሆኑን ያሳብቅበታል። እኔ ግን መንገዱ ወዴት ነው ብሎ ራሱ እስኪጠይቀኝ እጠብቃለሁ። አንዴ ከጠየቀኝ እንግዳው ሆኛለሁ፤ እንግዳን ደግሞ በጣት ጠቁመው አይሸኙትም። ማጭዱን ጥሎ እስከ መታጠፊያው ያደርሰኛል።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሳልሰጠው የመለስሁት መጥሪያ አልነበረም። ዋና ጸሐፊው አቶ ዳኜ በሰው ፊት ያመሰግኑኝ ነበር። አልዋሽዎትም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ተፍኪ አጠገብ ቦጂያ ለሚባል ጭሰኛ መጥሪያ ይዤ ወረድሁ። መሬቱን የገዛው ሰው በትራክተር ሊያርሰው ስለፈለገ ልቀቅልኝ ብሎ ከሶታል። ጭቃው እስከ ጉልበት ያሰምጣል። አዴ ጠጅቱ የሚባሉ ባልቴት ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸውና ሰላም አልኋቸው። ሰላምታዬን አንድ በአንድ መለሱልኝ፤ እናቴን ጠየቁኝ፤ ሞታለች ብላቸው ነፍስ ይማር ብለው አንገታቸውን ደፉ፤ አሬራ አመጡልኝ። ወዴት ነህ ልጄ ሲሉኝ የቦጂያን ቤት ፈልጌ ነበር አልኋቸው። በሽተኛ እግራቸውን እየጎተቱ እስከ ደጁ አደረሱኝ። ለካ ቦጂያ የእህታቸው ልጅ ኖሯል። ደኅና ሰው ነው፣ ተቀበለው ብለው አስረከቡኝ። ቦጂያም በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ መጥሪያውን ስሰጠው እሱንም በሁለት እጁ ተቀበለ።

ነሐሴ ላይ ተፈረደበትና የዘራው ገና ቡቃያ ሳለ ለቀቀ።

መስከረም ላይ አዴ ጠጅቱን ሰበታ ገበያ አየኋቸው። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ አካም ቡልተን አልኋቸው። አዩኝ፤ አወቁኝ፤ አልመለሱልኝም። አጎቴ፣ እርስዎ የእግዜር ሰላምታ ለደመኛም አይነፈግም ይሉኝ ነበር። እኔ በገበያ መሐል፣ በሰው ፊት ተነፈግሁ። አብራቸው የነበረችው ልጃቸው አያንቱ ዘወር አለችና ያን ቀን እናቴን ሰላም ስትላት ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነበር አልኋት። እሷም የእናቷን ክንድ ይዛ ሄደች።

እዚያው እንደ ቆምሁ ቀረሁ። በሰላምታ ማንንም አልዋሸሁም ነበር፤ የጠየቅሁትን ጤና ከልቤ ነው የጠየቅሁት። ግን ሴትዮዋ የሰጡኝ መንገድ ለእንግዳ የሚሰጥ መንገድ ነው፤ እኔ ግን የሄድሁበት ለከሳሽ ነው። አፈርሁ። ሥራዬን ያን ቀን ጠላሁት።

ጥቅምት ሲገባ የሱሉልታው መዝገብ መጣ። ተከሳሹ ኢተፋ ይባላል፤ ስድስት ነፍስ የሚያስተዳድር ጭሰኛ ነው። ከሳሹ መሬቱን ከገዛ ገና አምስት ወሩ ነው። ወርቁን ሁለት ቀን ልኮ የኢተፋን ቤት ሲያስጠይቅ ያሳየው ሰው ጠፋ። ስለዚህ አቶ ዳኜን መጥሪያውን እገሌ ይውሰድልኝ ብሎ እኔን በስሜ ጠራ፤ ያ ልጅ ሰላምታ ያውቅበታል አለ። የክሱን ወረቀት ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ፊርማ አየሁ። ስሙን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ የእጁን ጽሕፈት አወቅሁት። ማን እንደሆነ ለእርስዎ መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ነውና እተወዋለሁ።

ገብሱ ያን ጊዜ ገና እያሸተ ነበር። መጥሪያው በዚያ ሳምንት ኢተፋ እጅ ከገባ ቀጠሮው ከአጨዳው በፊት ይውላል፤ ቢዘገይ ግን ስድስቱ ነፍስ የዘሩትን ይበላሉ። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ሌላ የተወሳሰበ ነገር የለውም። አልሄድም ብል ትእዛዝ እምቢ አለ ተብሎ በማግሥቱ ሌላ ሰው ከፖሊስ ጋር ይሄዳል። ሄዶ አጣ ከተባለ ግን ሕጉ ራሱ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። ሰላም ካልኋቸው ደግሞ እንደሚያሳዩኝ እንደ ስሜ አውቃለሁ።

ስለዚህ ወርቁ ጃንጥላውን ይዞ ከጎኔ ቆሞ ሳለ፣ እናንተ፣ የኢተፋ ቤት የቱ ጋ ነው፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አለበት ብዬ ጮኽሁ። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ። አጫጆቹ ቀና አሉ። የኢተፋ ስም ሲጠራ ከሦስቱ ጎልማሳው ማጭዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ እኔም አየሁና ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርሁ። ሽማግሌው፣ ኦቦ ገርባ እንደሚባሉ በኋላ ነው ያወቅሁት፣ ከባርኔጣዬ እስከ ጫማዬ ቀስ ብለው ተመለከቱኝ። ኢተፋ የሚባል ሰው አናውቅም አሉ። ደግሜ ጮኽሁ፤ ደግመው አናውቅም አሉ። ፊቴን አዙሬ መሄድ ስጀምር ከኋላዬ ነጋን ገሊ አሉኝ፤ በሰላም ግባ ማለት ነው። ሰላም ላላላቸው ሰው የሰላም ስንብት ሰጡት። ኦሮምኛ የማያውቀው ወርቁ ምን አለህ ብሎ ጠየቀኝ። ሰደበኝ አልሁት፤ እሱም ይበልህ አለኝ።

በመጥሪያው ጀርባ ላይ ቤቱን የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም ብዬ ጻፍሁ። ከዚህ ውስጥ ሐሰት ያለው ቃል ካገኙ ያሳዩኝ። ወርቁ ግን ሆን ብሎ ሰው አስቀየመ ብሎ ከሰሰኝ፤ አቶ ዳኜ ጠርተው ጠየቁኝ፤ እኔም ሆን ብዬ ነው አልኋቸው። ከሥራ ወጣሁ። እርስዎ ተባረርህ ብለው ጽፈውልኛል፤ ቃሉ አያስከፋኝም።

አሁን ቡራዩ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ተከሰው ምን እንደሚመልሱ ለማያውቁ ሰዎች መልስ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ ወጥቼ ነበር። ኦቦ ገርባን ባርኔጣዬን አውልቄ ሰላም አልኋቸው፤ ስለ ሰው፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት ጠየቅሁ፣ ተጠየቅሁ። ወዴት ነህ ሲሉኝ ወደ እናንተው ነኝ አልሁ። የኢተፋን ገብስ አብሬ ተሸክሜ ወደ አውድማ አገባሁ። ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሁለተኛው መጥሪያ ከፖሊስ ጋር መጥቶ በቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ ቀጠሮው ታኅሣሥ 19 ነው። የኢተፋን መልስ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከሳሹ ሲያነበው ጽሕፈቱን ያውቀዋል፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነውና።

ሲያገኙት ይህን ይንገሩልኝ። ወርቁን አይላክ፤ እኔንም አያስጠራ፤ ቤቱን ራሱ ይፈልገው። ከበቅሎው ይውረድ፣ ባርኔጣውን ያውልቅ፣ ሰላም ይበላቸው፣ ከዚያም እስኪጠይቁት ዝም ይበል። ያሳዩታል። ኢተፋ ራሱ ወጥቶ በሁለት እጁ ይቀበለዋል፤ ሚስቱ ከአዲሱ ገብስ ቆሎ ታቀርብለታለች፤ ልጆቹን በስማቸው ይጠይቁታል። ያን ቆሎ ቆርጥሞ ሲጨርስ፣ ፊታቸው ቁጭ ብሎ ልቀቁልኝ ይበላቸው።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ቤትዎን ይባርክልዎ። እትዬን እጅ ነሥቶልሻል ይበሉልኝ፤ ልጆቹንም ይሳሙልኝ። ቡራዩ ሲያልፉ ደጄ ክፍት ነው።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ