የቀትር እንቅልፌ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14፣ ቀን 8 ሰዓት
ደብተሬ፣ ዛሬም አልተኛሁም። ድሬዳዋ መስኮቷን ዘግታ ተኝታለች። እኔ በባሌ በዩሱፍ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጁን ይዣለሁ። ቀትር ሲሆን ደረቱን ይጨንቀዋል፤ አትሂጂ ይላል። ከባቡር ወርክሾፕ ሥራው ከቀረ ሦስተኛ ወሩ። ጠዋት አርባ ልጃገረድ አስተምሬ፣ ምሳ አብስዬ፣ ቀትሬም ለሱ። ራሴ ሊፈነዳ ነው።

ሐሙስ 16
ጮህኩበት። ተነሣ፣ ወንድ አይደለህም ወይ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምሳውንም አልነካም። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

ቅዳሜ 18
ዩሱፍን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዶክተሩ የመንፈስ ጭንቀት የሚሉት በሽታ ነው አለ፣ ስንፍና አይደለም። መድኃኒቱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ተሻለኝ ብሎ እንዳያቆም። ቁጣም ስብከትም አይረዳውም። በቀን አንድ ትንሽ ነገር፦ ፊት መታጠብ፣ እስከ በር መሄድ። ሞትን ያስብ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂው፣ መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣበትም አለኝ። ከዚያ አየኝና አንቺስ መቼ ትተኛለሽ አለ።  አለቀስኩ።

እሑድ 19
ጠየቅኩት። ይመጣብኛል፣ ላድርገው ብዬ ግን አላውቅም አለ። ምላጩን ለጎረቤት ሰጠሁ። መድኃኒቱን እኔ እይዛለሁ፣ የቀን የቀኑን እሰጠዋለሁ። ሐሳቡ ከበረታ ሊነግረኝ፣ እኔም ያኔ ብቻውን ላልተወው ተስማማን። 

ማክሰኞ 21
እህቱ ሩቅያ መጣች። ጂን ነው፣ ሼኹ ቁርኣን ይቅሩበት አለች። ይቅሩ፣ መድኃኒቱም ይቀጥላል አልኩ። ባሏ የታመመ ሴት ቀን አትተኛም አለችኝ። ደሜ ፈላ!
«እንግዲያው ማክሰኞና ዓርብ ቀትር እሱን መጠበቅ ያንቺ ነው» አልኳት።
«ሥራ አለብኝ እኮ!»
«እኔስ?»
አኮረፈች። በኋላ ግን ከዓርብ ጀምሮ እሺ አለች።

ዓርብ 24
መጋላ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ለመተኛት። ከመሄዴ በፊት ለዩሱፍ ነገርኩት፦ በ10 ሰዓት እመለሳለሁ፤ ሲጨንቅህ ሩቅያ አጠገብህ ናት። አትሂጂ ብሎ ለመነኝ። ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም ነበር። ከዚያ ለሁለት ሰዓት እንደ ድንጋይ ተኛሁ።
ስመለስ ጭንቀቱ መጥቶበት ነበር፤ አልፎለታል።  ሩቅያ ላብ በላብ ሆናለች። በየቀኑ እንዲህ ነው ወይ አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አዎ አልኳት። ስድቡ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

እሑድ 26
ትናንት ማታ ፀሐይ ስትበርድ እስከ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሄደን ነበር። ዳነ ብዬ ነበር! ዛሬ ግን አልታጠበም፣ አልተነሣም። ግቢ ወጥቼ ምንጣፉን ደበደብኩ፣ አቧራው እስኪያፍነኝ። ስገባ ዩሱፍ፦
«ማክሰኞ ትሄጃለሽ?»
«እሄዳለሁ።»
«ጠልተሽኛል።»
«በሽታህን ነው። አንተን ብጠላ አልመለስም ነበር።»
 ውሃ አምጪልኝ አለ። ጣሳውን አልጋው ድረስ አልወሰድኩለትም፤ ዶክተሩ እንዳለው ትንሽ ይንቀሳቀስ ብዬ በሩ ጋ አስቀመጥኩለት። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እግሩን ከአልጋው አወረደ፤ ሊነሣ ነው።